ጨርቁ አልደረቀላትም

 

ሰሞኑን በኢንቦክስ "ቲቸር፣ ልብስ ስፌት ጀመሩ አሉ፤ እውነት ነው?" የምትሉኝ በዝታችኋል። እውነት ነው። ጎንደር ማራኪ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ከእህቴ ጋር የስፌት ቤት ከፍተናል። እሑድ ደግሞ የምንሰፋውን ዕቃ የምንሸጥበትን ገጽ እከፍታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ነገሩ ከየት እንደተነሣ ልንገራችሁ። ታሪኩን ሳታውቁ ዕቃውን ብታዩት "ይቺ እጥፍ ጨርቅ ምን ልዩ ነገር አላት?" ብላችሁ ታልፉታላችሁ ብዬ ፈራሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ ወሬው ስለ ወር አበባ ነው። የምታፍሩ ካላችሁ አልፈርድም፣ እኔም ከማንም በላይ አፍር ነበር። ጥፋቴም የተጀመረው ከዚያው እፍረት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ደባርቅ አስተምር ነበር። የአንድ ዘጠነኛ ክፍል ሆም ሩም ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ስም እጠራለሁ፣ ቀሪ እመዘግባለሁ። ክፍሉ ውስጥ ከገጠር ቀበሌ የመጣች ጎበዝ ልጅ ነበረች። ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትማረው። ደባርቅ የተማራችሁ ኑሮውን ታውቁታላችሁ፤ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰብ ይኬዳል፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል፣ የሳምንቱ እንጀራ በዚያው ነው።

ይቺ ልጅ ትቀራለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ቀረች። ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን። ከዚያ ትምህርቷን በደንብ ስትከታተል ቆየችና ሚያዝያ ላይ እንደገና ጀመራት፤ ግንቦት ላይ ጭራሽ አራት ቀን ተከታታይ ቀረች። ስትመለስ ጓደኞቿ ፊት አቆምኳትና "የት ነበርሽ?" አልኳት። ዝም። "ገበያ ነበርሽ? ሠርግ ነበር?" ዝም። "እንግዲያው ወላጅ አምጪ!" ብዬ አስወጣኋት።

በሦስተኛው ቀን እናቷ መጡ። በእግር የአራት ሰዓት መንገድ ነው የመጡት። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ቢሮው በር ላይ ቆሙ። እኔ ስለ ቀሪ ደንብ፣ ስለ ማርክ፣ ስለ ፈተና መድረስ ረጅም ንግግር አደረግሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መምህር፣ ጨርቁ አልደረቀላትም እኮ። እርጥብ ታጥቆ ይመጣል እንዴ?" አሉኝ።

"የምን ጨርቅ?" አልኳቸው።

አቀርቅረው ቀሩ። አጠገባችን ወረቀት ታርም የነበረች አንዲት መምህርት ናት ያዳነችን። ተነሥታ እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝና አስረዳችኝ። ልጆቹ በወር አበባቸው ጊዜ የሚጠቀሙት ከአሮጌ ቀሚስ ወይም ከአንሶላ የተቀደደ ጨርቅ ነው። ያጥቡታል። ግን የት ይስጡት? ግቢው የአከራይ ነው፣ ገመዱ አንድ ነው፣ ወንድ ተከራይ አለ፣ የአከራዩ ልጆች አሉ። ስለዚህ ክፍላቸው ውስጥ ጥጋት ይፈልጉና ሌላ ልብስ ደርበውበት ይሰቅሉታል፣ አለዚያ ከፍራሽ ሥር ይዘረጉታል። ደባርቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው። በዝናብና በጉም ወቅት ደጅ የተሰጣ ሸሚዝ እንኳ በቀን አይደርቅም። ከፍራሽ ሥር የተደበቀማ እንዴት ይድረቅ!

የዚያን ዕለት ማታ የስም መጥሪያ መዝገቡን እንደገና ገለጥኩት። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፤ ፀሐይና ነፋስ ባለበት ወር ቀሪ የለባትም። ቀሪዋ ሁሉ ያለው ዝናብ ባለበት ወር ነው። መዝገቡ ዓመቱን ሙሉ ሲነግረኝ ከርሟል፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ልጅቷ በእርግጥ ፈተናዋን ተፈትና አልፋለች። ያን ቀን ጓደኞቿ ፊት ያቆምኳት ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ከዚያችው መምህርት ጋር ሆነን የማንም አእምሮ መጀመሪያ የሚያስበውን አደረግን። ከመምህራን ገንዘብ ሰብስበን ሱቅ የሚሸጠውን ሞዴስ በካርቶን ገዛንና የሴት ተማሪዎች ክበብ ክፍል አስቀመጥን። ሁለት ወር አልሞላውም፣ አለቀ። እንደገና ሰበሰብን፣ እንደገና አለቀ። በሦስተኛው ዙር የሰጪው እጅ አጠረ። በዚያ ላይ ያገለገለው ሞዴስ የሚጣልበት አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፣ ሞዴሱ ውስጡ ላስቲክ ስላለው አይበሰብስም፣ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ልጆቹም ተጠቅልሎ እንዳይታይባቸው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፤ ማቆሚያ የሌለው ልመና መፍትሔ አይሆንም።

ታኅሣሥ 2012 ላይ ነው ስለ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ የሰማሁት። ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የመረጣት ያን ሰሞን ነበር፤ እ.ኤ.አ. 2019 መሆኑ ነው። አሜሪካ የኬሚካል ምህንድስና ተምራ ወደ አገሯ ተመልሳ፣ እየታጠበ በተደጋጋሚ የሚያገለግል የወር አበባ ጨርቅ ንድፍ ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 መቐለ ላይ ማርያም ሳባ የሚባል ፋብሪካ የከፈተች ሴት ናት። ፋብሪካውን የሰየመችው በልጇ ስም ነው። ዜናውን እንዳየሁ "በቃ፣ ይሄ በስፌት መኪና የሚሠራ ነገር ነው!" አልኩ። እህቴ ደግሞ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በአሮጌ ሲንጀር ልብስ የምታስተካክል ሰፊ ናት።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔ ጎንደር ወረድኩ። እህቴ ቀንና ሌሊት ማስክ ትሰፋለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። ጨርቅ አለካክና መቀስ አያያዝ የተማርኩት ያኔ ነው። ማታ ማታ ማስኩ ሲያልቅ የራሳችንን ሙከራ እንጀምራለን።

የመጀመሪያውን ሞዴላችንን ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። ሲያዩት ያምራል። ከላይ ለስላሳ የጥጥ ፍላኔል፣ መሐሉ አራት ድርብ ፎጣ፣ ከታች በስስ ላስቲክ የተለበጠ ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ፤ ከሁሉም ሁለት ክንፍ አውጥተን ዙሪያውን ደፍነን ሰፋነው። ሃምሳ ያህል ሠራንና በ2013 ትምህርት ሲከፈት ይዤ ወጣሁ። መምህርቷ አከፋፈለችው። ታኅሣሥ ላይ ጠየቅናቸው፣ "በጣም ጥሩ ነው" አሉ። ጥር ላይም "በጣም ጥሩ ነው።" እኔም ልቤ አበጠ።

ግንቦት ላይ መምህርቷ መጣችና "አንተ ሰው፣ ልጆቹ ጨርቁን ትተውታል" አለችኝ። ለምን? አይደርቅም! በዚያ ላይ ይሸታል። ወደ አሮጌው ቀሚስ ተመልሰዋል። አሮጌው ቀሚስ ሲዘረጋ ቢያንስ ስስ ነው።

አስቡት እንግዲህ። እናቷ በር ላይ ቆመው የነገሩኝ ቃል "አልደረቀላትም" ነበር። እኔ ግን የሰፋሁት ከቀድሞው ጨርቅ የባሰ የማይደርቅ ነገር ነው። ስለ መምጠጥ አስቤያለሁ፣ ስለ ማምለጥ አስቤያለሁ፣ ስለ ልስላሴ አስቤያለሁ። ዋናውን ነገር ረሳሁት።

ሰኔ ላይ ራሴ ልሞክረው ወሰንኩ። ደባርቅ ባለው የኪራይ ክፍሌ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ሲባጎ ወጠርኩ። ማታ ሦስት ነገር በአንድ ሳፋ አጥቤ፣ በእጄ አጥብቄ ጨምቄ ሰቀልኩ፦ የእኛን ወፍራም ሞዴል፣ አንድ ንጣይ ፍላኔል፣ አንድ ቁራጭ የአንሶላ ጨርቅ። መድረቁን የማውቀው እንዲህ ነው። የታጠፈ ሶፍት ጨርቁ ላይ አድርጌ በመዳፌ አንድ ደቂቃ ያህል ጫን እልና ሶፍቱን አየዋለሁ። እጅ ደረቅ ነው ብሎ የሚያታልለውን ሶፍት ያጋልጠዋል።

በማግስቱ ጠዋት የአንሶላው ቁራጭ ደረቅ ነበር። ፍላኔሉ ከሰዓት በኋላ ደረቀ። የእኛው ሞዴል ላዩን ደርቆ ይታያል፤ ሶፍቱን ስጫነው ግን ረጠበ። በሁለተኛውም ቀን ረጠበ። ሙሉ በሙሉ የደረቀው በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ጎኑ ላስቲክ ስለሆነ አየር የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ መሐል ያለው ድርብ ፎጣ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ውኃውን ይዞ ይቀመጣል። ጥቅጥቅ ያለ ነገር ከውጭ ይደርቃል፣ ከውስጥ ይሻግታል። ሽታውም ከዚያ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። የስፌት ቤታችን የተመሠረተው በዚህች ስሌት ላይ ነው። አንዲት ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ትቀይራለች እንበል። ማታ ያጠበችው በማግስቱ ከሰዓት ከደረቀ፣ የሰኞውን ረቡዕ ጠዋት ትጠቀምበታለች። ስለዚህ የሁለት ቀን፣ ማለትም ስድስት ጨርቅ ይበቃታል፤ ሁለት መጠባበቂያ ብንጨምርላት ስምንት። ሦስት ቀን የሚፈጅ ከሆነ ግን የሰኞው የሚደርሰው ለዓርብ ነው። አሥራ ሁለት ያስፈልጋታል፣ ከመጠባበቂያው ጋር አሥራ አራት። ያም ላስቲክና ክንፍ ያለው፣ ብዙ ጨርቅና ብዙ ስፌት የሚበላ ወፍራም ነገር አሥራ አራት መሆኑ ነው! እኔ ለእያንዳንዷ የሰጠኋት ደግሞ ሦስት ብቻ ነበር። በፀሐይ ወራት ሦስቱ ተብቃቅተዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ነገሩ ፈረሰ። ዕቃው ቶሎ የማይደርቅ ከሆነ ለድሃ ይወደዳል ማለት ነው። የመድረቂያ ጊዜ ራሱ ዋጋ ነው።

ከዚያ በኋላ እህቴ ናት መፍትሔውን ያመጣችው። "ለምን አንድ ላይ እንሰፋዋለን? የሚመጠውና የሚይዘው ይለያይ" አለችኝ። ኋላ ሳነብ ኬንያ ውስጥ ሥራውን የጀመረ ዴይስ ፎር ገርልስ የሚባል ድርጅትም በብዙ ሙከራ እዚሁ ሐሳብ ላይ መድረሱን አወቅሁ። የእነሱም ጨርቅ ሲዘረጋ ተራ የፊት ማበሻ ይመስላል፣ ሰው ፊት ቢሰጣ ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። የደባርቅ ገመድና የኬንያ ገመድ ችግራቸው አንድ ነበር።

አሁን የምንሰፋው ሁለት ክፍል አለው። አንዱን ማቀፊያ እንለዋለን። ከውስጥ ልብስ ጋር በክንፎቹ ተጠምጥሞ፣ በጣት ተጭኖ በሚዘጋ ቁልፍ የሚያያዝ፣ ሆዱ ውኃ የማያሳልፍ፣ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ኪስ ያለው ነው። ሁለተኛው እጥፍ ጨርቅ ነው። ጎን ለጎን 27 ሳንቲ ሜትር የሆነ ንጣይ ፍላኔል ነው፤ ዙሪያው ብቻ በኦቨርሎክ የተያዘ። ሦስት ላይ ሲታጠፍ ስፋቱ 9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ጫፎቹ ኪሶቹ ውስጥ ይገባሉ። ደሙ ሲበዛ ሁለቱን ደርቦ ማጠፍ ይቻላል። ሲታጠብ ይዘረጋል፤ ሲዘረጋ ንጣይ ጨርቅ ነው፤ ንጣይ ጨርቅ በሁለቱም ጎን አየር ያገኛል። ቀለሙን ጠቆር ያለ አበባማ አድርገነዋል። ገመድ ላይ ቢሰቀል መሐረብ ነው የሚመስለው። ልጅቷ አትደብቀውም፣ ስለማትደብቀው ፀሐይ ያገኛል፣ ፀሐይ ስላገኘ ይደርቃል።

እንዲህ ስናገረው ቀላል መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ወድቀናል።

አንደኛው ውድቀት ከማጠር መጣ። ፍላኔሉን ከሱቅ እንዳመጣነው 27 አድርገን ቆረጥን። ልጆቹ ሁለት ጊዜ ሲያጥቡት 25 ሆነ። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ፍላኔል ደግሞ ይብሳል። ያጠረው ጨርቅ ከኪሱ እየወጣ መሐል ላይ ተሰበሰበ። አሁን ጣቃው ሳይቆረጥ ተዘፍዝፎ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው መቀስ የሚነካው። ሁለት ቀን ያስከፍለናል። ርካሽ ጨርቅ ሰፍቶ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ሳይቆረጥ ታጥቧል ወይ?" ብላችሁ ነው።

ሁለተኛው ከመርፌ መጣ። ማቀፊያው ያፈስ ነበር። ጨርቁ ውኃ እንደማያሳልፍ ፈትነናል፤ ታዲያ በየት በኩል? እህቴ ማቀፊያውን እንደ ጽዋ አድርጋ ያዘችና ውኃ ጨመረችበት፤ ጠብታዎቹ በስፌቱ መስመር ላይ እንደ ዶቃ ተደረደሩ። እኛ ለማሳመር ብለን መሐሉን ሁለት መስመር ሰፍተንበት ነበር። መርፌ በገባበት ቁጥር ላስቲኩ ይበሳል፣ የተበሳ ላስቲክ መልሶ አይገጥምም። አሁን ደንባችን ጥብቅ ነው። መሐሉ ላይ መርፌ አይነካውም፣ ስፌቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፣ የእርምጃው ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስፌቱ ከደቀቀ ቀዳዳው ይበዛል። ስንቆርጥም ስፒል አንወጋበትም፣ በልብስ መቆንጠጫ ነው የምንይዘው። ከተሰፋው መሐል እያወጣን ሁለት የሻይ ማንኪያ ውኃ እጥፉ ላይ እናፈስና ከሥር ሶፍት አንጥፈን እንቀመጥበታለን። ሶፍቱ ከረጠበ ያን ቀን የተሰፋው ሁሉ ይመረመራል።

በመሐሉ ብዙ ነገር ሆነ። በ2013 ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲጠጋ፣ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሲሆኑ ሥራው ቆመ። ያኔ የነበረንን ሁሉ ለተፈናቃይ እናቶችና ልጆች ሰጠን። ኋላ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ላስቲክ የተለበጠበት ጨርቅ ከአዲስ አበባ አይመጣም፤ ፍላኔል እዚህ ይገኛል፣ እሱ ግን አይገኝም። ይሄ ዛሬም ዋናው ራስ ምታታችን ነው። ለዚህ ነው እሑድ ገጹን ስከፍት እጃችን ላይ ባለው ጨርቅ ልክ ብቻ ትእዛዝ የምንቀበለው። የሌለኝን ሸጬ አላስጠብቃችሁም።

አሁን ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ኦቨርሎክ አለን። ከእህቴ ጋር ሁለት ሴቶች ይሠራሉ፤ የሚከፈላቸው በሰፉት ቁጥር ሳይሆን በቀን ነው። በቁጥር ስንከፍል ስፌቱ እየረዘመ፣ ጠርዙ እየተዘለለ መጣ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ አከፋፈሉ ነው ያስቸኮላቸው። እኔ ከክፍል መልስ እቆርጣለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ። ተማሪዎቼ አንዳንዴ መስኮት ላይ ቆመው "ቲቸር መቀስ ያዙ!" ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። ከተሳቀበት አያስፈራም ማለት ነው።

"ለምን ትሸጣለህ? ለምን በነፃ አትሰጥም?" ያላችሁኝ አላችሁ። ከፍ ብዬ የነገርኳችሁ ካርቶን ነው መልሴ። በነፃ የሰጠነው ለሦስት ዙር እንኳ አልዘለቀም። የሚሸጥ ነገር ጨርቁን መልሶ ይገዛል፣ የሰፊዋን ቀን ይከፍላል፣ በሚቀጥለው መስከረምም ይኖራል። ደግሞ ሲሸጥ ሰው ያማርራል፣ ይመልሳል፣ ይቆጣል። በነፃ የወሰዱት ልጆች "በጣም ጥሩ ነው" ብለው አምስት ወር ዝም አሉኝ። ምስጋናው ጥፋቴን ሸፈነብኝ። ገንዘብ የከፈለች እናት ግን በሁለተኛው ሳምንት መጥታ "ይሄ ቁልፍ ይፈታል" ትለኛለች። የምፈልገው እሷን ነው።

አሁን ደግሞ የማይሆንላችሁን ልንገራችሁ፤ ገዝታችሁ እንዳትቆጩ። ይሄ ነገር ውኃ ይፈልጋል። ውኃ በሳምንት አንዴ በምትመጣበት ሰፈር በጄሪካን የምትቀዱ ከሆነ በቀን ሦስት ጨርቅ ማጠብ ቀላል አይደለም፤ አስቡበት። በጉዞ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ መቀየሪያ በሌለበት፣ የሱቁ ሞዴስ ይሻላችኋል፤ ሁለቱን ማቀላቀል ነውር የለውም። ደሙ ከወትሮው በጣም ከበዛ፣ ከሳምንት ካለፈ ወይም ሕመሙ ከአልጋ የማያስነሣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የጨርቅ አይደለም፣ ወደ ጤና ተቋም ነው።

አጠባቡ ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያበስለዋል፣ ከዚያ ነጠብጣቡ አይለቅም። ቀጥሎ በሳሙና ታጥቦ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ እስኪለቅ ይለቀለቃል። በመጨረሻ ተዘርግቶ ይሰጣል፣ ቢቻል ፀሐይ ላይ። እጥፍ ጨርቁን መቀቀልም መተኮስም ይቻላል። ማቀፊያውን ግን እንዳትቀቅሉት፣ እንዳትተኩሱትም፤ ላስቲኩ ይላጣል። በርኅራኄ ብዛት ያበላሹብን እናቶች አሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ገጹን እዚሁ ፕሮፋይሌ ላይ አደርገዋለሁ። የምታገኙት አንድ ዓይነት ጥቅል ነው፦ ሁለት ማቀፊያ፣ ስምንት እጥፍ ጨርቅ፣ ሁሉንም የምትይዝ አንዲት ከረጢት፣ አጠባቡ የተጻፈበት ወረቀት። ለምን ስምንት እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ሦስት ብቻ ሽጥልን፣ ይርከስልን የሚል አይጠፋም። አልሸጥም። ሦስት ሰጥቼ ያየሁትን አይቻለሁ። ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል የሚከብዳት በሁለት ከፍላ ትወስዳለች። የስፌት መኪና ራሱ በዓለም የተስፋፋው እንዲሁ ነው፤ የሲንጀር ኩባንያ ገና እ.ኤ.አ. በ1856 መኪናውን በየወሩ እየተከፈለ እንዲወሰድ አድርጎ ነው ለተራው ሰው ቤት ያስገባው። የእህቴ ሲንጀርም በዕቁብ የተገዛ ነው።

ወንዶች ወዳጆቼ፣ "ይሄ የእኛ ጉዳይ አይደለም" ብላችሁ እንዳታልፉ። ሴት ልጅ፣ እህት፣ የቤት ሠራተኛ ያላችሁ ሁሉ አንዴ ገመዳችሁን እዩ። የሁሉም ሰው ልብስ ተሰጥቶ የአንዷ ጨርቅ የት እንደሚደርቅ ጠይቁ። መምህራን ደግሞ መዝገባችሁን ግለጡ፤ የልጃገረዶቹን ቀሪ በየወሩ ከዝናቡ ጋር አስተያዩት። የእኔ መዝገብ የነገረኝን የእናንተም ይነግራችሁ ይሆናል፤ ከነገራችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ።

ያቺን ተማሪዬን በዚህ ዓመት ጎንደር ውስጥ አገኘኋት። ትልቅ ሰው ሆናለች። ያን ቀን ስላቆምኳት ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀችና "ረስቼዋለሁ ቲቸር" አለችኝ። እንዳልረሳችው አውቃለሁ። ከዚያ አንዱን ጥቅል ተቀብላኝ ከፈተች፣ እጥፍ ጨርቁን ዘረጋችው፣ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"በስንት ቀን ይደርቃል?"

"ማታ ታጥቦ፣ በማግስቱ ከሰዓት" አልኳት። "ደባርቅ፣ በሰኔ።"

አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሒሳቡንም ከፈለች።

እሑድ እንገናኝ።